ሰርቨሩንና ባክአፑን ለተተኪ ስታስረክቢ ምን ትጽፊያለሽ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ባለ የትራንዚት ድርጅት የቢሮ አስተዳዳሪ ነኝ። ወር ሳይሞላ ልለቅ ነው። የጋራ ፋይሎቻችን ያሉበት ሰርቨር ዊንዶውስ 10 ፕሮ የተጫነበት ተራ ኮምፒዩተር ነው። ሌሊት ሌሊት በ`robocopy` ወደ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይገለበጣል። ሁለት ዲስኮች አሉን፤ ሰኞ ሰኞ እቀያይራቸዋለሁ፣ አንዱ ሐረር ቅርንጫፋችን ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን አለቃዬ የርክክብ ጽሑፍ አዘጋጂ አለኝ። የምትተካኝ ልጅ ደግሞ ኮምፒዩተር ብዙም አትነካካም። ምን ምን ልጻፍላት?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሥራ ይቀድማል። ራስሽን ከሰርቨሩ ውስጥ አውጪ። በእናንተ ዓይነት ቢሮ ባክአፕ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሰው ሲለቅ ነው፤ የዲስክ ብልሽት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሌሊት የሚነሣው ሥራ `Task Scheduler` ውስጥ ሲመዘገብ በአንድ ሰው አካውንት ይመዘገባል። አብዛኛውን ጊዜ ያ አካውንት የመዝጋቢው ነው። ስትለቂ አለቃሽ፣ ልክ ማድረግ እንዳለበት፣ አካውንትሽን ያዘጋል ወይም ፓስወርዱን ያስቀይራል። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ባክአፑ አይነሣም። ጩኸት የለ፣ መልእክት የለ። ዲስኩ እንደተሰካ ነው፣ መብራቱም ይበራል፣ ውስጡም ፋይል ሞልቷል። እዚሁ ከተማ አንድ ቢሮ ለወራት በዚህ ሁኔታ ኖሯል፤ ያወቁት ፋይል ጠፍቶባቸው ዲስኩን ሲከፍቱ ነው።

ስለዚህ `Task Scheduler`ን ክፈቺ፣ ሥራውን ሁለቴ ነክተሽ `General` የሚለው ገጽ ላይ `Change User or Group` የሚለውን ተጫኚና `SYSTEM` ብለሽ ጻፊ። ይህ የዊንዶውሱ የራሱ አካውንት ነው። ፓስወርድ የለውም፣ ጊዜው አያልፍበትም፣ ሥራም አይለቅም። እናንተ የምትገለብጡት እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከተሰካ ዲስክ ወደ ሌላ የተሰካ ዲስክ ስለሆነ ይበቃል። በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ የዲስኮቹ ቁልፍ ነው። ወደ ሐረር የሚሄደው ዲስክ በሚኒባስ ስለሚጓዝ በ`BitLocker` ተቆልፎ ይሆናል ብዬ ልገምት። ካልተቆለፈ ቆልፉት፤ የደንበኞቻችሁ ዲክላራሲዮን ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ዲስኩ ሲቆለፍ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይሰጣል፤ የት ይቀመጥ ብሎም ይጠይቃል። ብዙ ሰው የግል አካውንቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ያንቺም እዚያ ካለ አውጪው። ለእያንዳንዱ ዲስክ ቁልፉን ከመለያ ቁጥሩ ጋር አትሚ፣ በፖስታ አሽጊ፣ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ይግባ። ጽሑፍሽ ላይ ቁልፉን አትጻፊ፤ የት እንዳለ ብቻ ጻፊ።

እነዚህ ሁለቱ ካለቁ መጻፍ ትችያለሽ። ስትጽፊ ልጅቷ ብቻዋን ሆና፣ ያንቺ ስልክ ተዘግቶ፣ አንድ ፋይል ጠፍቶ አለቃዋ ጀርባዋ ላይ ቆሞ አስቢያት። ያኔ የሚያስፈልጋትን ጻፊላት፤ የሰርቨሩን የሕይወት ታሪክ ተይው።

መጀመሪያ ምን የት እንዳለ። ይህ አጭር ይሁን። እንዲህ ብለሽ መጀመር ትችያለሽ፦

> የጋራ ፋይሎቻችን ያሉት ሒሳብ ክፍል ጥግ ባለው ጥቁር ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከየጠረጴዛችን የምንከፍተው `\\SERVER\Shared` ብለን ነው። ሰርቨሩ ላይ ራሱ ቦታው `D:\Shared` ነው። ውስጡ `Transit`፣ `Finance`፣ `HR`፣ `Scan` የሚሉ ፎልደሮች አሉ። `Finance`ን የሚከፍቱት ሒሳብ ሹሟና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው። ሠራተኞች በየራሳቸው ዴስክቶፕ ላይ የሚያስቀምጡት ፋይል ባክአፕ አይደረግም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታስቀሪ። «ባክአፕ አለን» የሚባለው ነገር የማይሸፍነውን ማወቅ አለባት። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ በኦክቶበር 2025 እንደቆመም አንድ መስመር ጨምሪ። ያንቺ ዕዳ አይደለም፤ ግን ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ነውና ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይድረሰው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እዚህ ላይ ብዙ የርክክብ ወረቀት ይሰናከላል። «ባክአፑ 7 ሰዓት ላይ ይነሣል» ብለሽ ብትጽፊ ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ስትከፍት `1:00 AM` ታያለች። ተሳስቷል ብላ ብታስተካክለውስ? `7:00 AM` ካደረገችው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ሲገለብጥ ቆይቶ ሠራተኛ እየገባ ፋይል መክፈት ይጀምራል። ቀኑም እንደዚሁ ነው። እኛ የሰኞ ሌሊት የምንለው 7 ሰዓት ለኮምፒዩተሩ ማክሰኞ ነው። ሎጉ ላይ `Tuesday` ብሎ ስታገኘው የሰኞው ሌሊት አልሠራም ብላ እንዳትደነግጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን አስቀምጪላት፦ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ኮምፒዩተሩ ላይ `1:00 AM`፣ የሰኞ ሌሊቱ ሥራ `Tuesday` ተብሎ ይመዘገባል»።

የፎልደር ስም ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። `2018-01-05` የሚል ፎልደር ምንድን ነው? መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ወይስ በፈረንጆቹ የ2018 ጃንዋሪ 5? በመካከላቸው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ፤ ሁለቱም ደግሞ ለትራንዚት ቢሮ ሊኖሩ የሚችሉ ቀኖች ናቸው። ከአሁን ወዲያ ፊቱ ላይ `EC` ወይም `GC` ይጻፍበት። የድሮዎቹን መለወጥ ካልቻልሽ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሰየሙ ንገሪያት።

ቀጥሎ የሌሊቱ ሥራ ራሱ። ፋይሉ ምን እንደሚመስል አላየሁም፤ እንዲህ ቢሆን ግን ደህና ነው፦

```
@echo off
if not exist C:\BackupLog mkdir C:\BackupLog
robocopy D:\Shared X:\Shared /MIR /R:2 /W:5 /NP /UNILOG+:C:\BackupLog\log.txt
exit /b %errorlevel%
```

ጽሑፉ ውስጥ ይህን ሙሉውን ለጥፊና ከሥሩ በቀላል አማርኛ አስረጂ። `X:` የባክአፕ ዲስኩ ፊደል ነው። ለሁለቱም ዲስኮች `Disk Management` ገብተሽ ይህንኑ ፊደል ስጫቸው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሰኩ፣ በየቅያሪውም የተሰካው ዲስክ `X:` መያዙ ይታይ። ፊደሉን ለዊንዶውሱ ከተውሽው አንድ ሰው ፍላሽ ሰክቶ ሲረሳ ዲስኩ ሌላ ፊደል ይይዝና ባክአፑ መድረሻ ያጣል።

`/R:2 /W:5` ማለት ያልተከፈተለትን ፋይል ሁለት ጊዜ ሞክር፣ በየመሐሉ አምስት ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ካልተጻፈች ግን `robocopy` በራሱ ልማድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየመሐሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። አስቢው፤ አንድ ሰው ክፍት የተወው ኤክሴል ላይ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ያህል እስኪቀረው ድረስ ይቆማል። `Task Scheduler` ላይ ሥራው `Running` እንዳለ፣ ቁጥሩም `0x41301` ሆኖ ቀን ከሌት ካያችሁት ይህ ነው የደረሰባችሁ።

`/UNILOG+` ደግሞ ለእኛ አገር የግድ ነው። በተራው `/LOG` የሚጻፍ ሎግ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችን በጥያቄ ምልክት ሊሞላቸው ይችላል። የመደመር ምልክቷ ደግሞ የትናንቱን ሳያጠፋ ከሥሩ እንዲጽፍ ታደርጋለች። ለምን እንደሚጠቅም አሁን እመጣበታለሁ።

ከባዱ `/MIR` ነው። ምንጩ ላይ ያለውን ይገለብጣል፣ ምንጩ ላይ የሌለውን ከዲስኩ ላይ ያጠፋል። ዲስኩ የሰርቨሩ መስታወት ነው። ሰርቨሩ ላይ የተሳሳተውን ስሕተት አንድ ሌሊት ቆይቶ ይደግመዋል። ሁለት ዲስክ የምትቀያይሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ሁለቱ ዲስኮች ስንት ቀን ይሰጧችኋል? ይህን ቁጭ ብለሽ አስልተሽው ታውቂያለሽ? በአንድ ምሳሌ እንየው።

ቅዳሜ ነው። ሰርቨሩ ላይ የተሰካው ዲስክ «ሀ» ነው፣ «ለ» ሐረር ነው። ወደ እኩለ ቀን ሊወጣ የቸኮለ ሠራተኛ `Transit` ውስጥ የአንድ ደንበኛ ሙሉ ፎልደር ያጠፋል። ሆን ብሎ አይደለም። ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ከኔትወርክ ፎልደር የሚጠፋ ፋይል ግን ሪሳይክል ቢን አይገባም። የቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን `robocopy` ተነሥቶ ያንኑ ፎልደር ከ«ሀ» ላይ ያጠፋል። እሑድ ማንም የለም። ሰኞ ጠዋት «ለ» ከሐረር ይመጣል። እሱ ላይ ፎልደሩ አለ፤ ባለፈው ሰኞ ንጋት እንደነበረው ሆኖ። የምትተካሽ ልጅ መመሪያው እንደሚለው «ሀ»ን ነቅላ ትልካለች፣ «ለ»ን ትሰካለች። የሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከ«ለ»ም ይጠፋል። ማክሰኞ ደንበኛው መጥቶ ሰነዴን ሲል ሁለት ዲስክ አላችሁ፣ ፋይሉ ግን የለም። ማንም መመሪያ አልጣሰም።

ፋይሉ ማክሰኞ ቢጠፋ ኖሮ ግን ሐረር ያለው ዲስክ እስከ ሰኞ ሌሊት ይዞት ይቆይ ነበር። እንግዲህ የምታገኙት ጊዜ ፋይሉ በጠፋበት ቀን ይወሰናል። ሰኞ ከቅያሪው በኋላ ከጠፋ ሳምንት፣ እሑድ ከጠፋ አንድ ቀን ገደማ። ረቡዕ ተሠርቶ ቅዳሜ የጠፋ ፋይል ደግሞ ሐረር ያለው ዲስክ አያውቀውም። እሱ በቅዳሜ ሌሊት ብቻ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል። ይህን ለአለቃሽ በጽሑፍ ንገሪው። «ባክአፕ አለን» ሲል ምን እንዳለው ይወቅ።

ሁለት መድኃኒት አለው። አንደኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሰኞውን ሥራ ቅደም ተከተል መቀየር ነው። ዲስክ ከመቀየር በፊት ሎግ ይነበብ። የ`robocopy` ሎግ በየሌሊቱ መጨረሻ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ይጽፋል፦

```
          Total   Copied  Skipped  Mismatch  FAILED  Extras
 Files :  41260       57    41203         0       0       2
```

ልጅቷ ሦስት ዓምድ ብቻ ትይ። `Copied` ሌሊቱን የተገለበጠው ነው። `FAILED` ያልተሳካለት ነው። `Extras` ሰርቨሩ ላይ ስላልተገኘ ከዲስኩ ላይ የጠፋው ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 57 ፋይል ተገልብጧል፣ 2 ጠፍቷል። የደህና ቀን ሥራ ይመስላል። የቅዳሜው ሌሊት `Extras` ሥር 3118 ቢል ግን አንድ ሰው ብዙ ነገር አጥፍቷል ወይም አንሥቶ ሌላ ቦታ አስቀምጧል። `Copied` ደግሞ በድንገት ወደ አርባ ሺሕ ቢያሻቅብ ከዚያም የባሰ ነው። ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተለውጠዋል ማለት ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ ሎጉ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው።

የተለመደው ቁጥር ስንት እንደሆነ እሷ አታውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ጻፊላት፦ «በሥራ ቀን `Copied` ከዚህ እስከዚህ ነው፣ `Extras` ከዚህ አይበልጥም»። የድሮ ሎጎችን አገላብጠሽ እውነተኛውን ቁጥር አውጪ። የወር መጨረሻ ላይ ከፍ እንደሚልም ጨምሪ። ይህች አንዲት መስመር ከጠቅላላው ጽሑፍ የበለጠ ዋጋ አላት ብል አላጋነንኩም። ከዚያ ሕጉ ይህ ይሁን፦

> ሰኞ ጠዋት ከሐረር የመጣውን ዲስክ ከመሰካትሽ በፊት የሳምንቱን ሌሊቶች ሎግ አንብቢ። `Extras` ወይም `Copied` ከተለመደው እጅግ ከበለጠ ዲስኩን አትስኪ። ማን ምን እንዳጠፋ ወይም እንዳነሣ ጠይቂ። መልስ እስኪገኝ ድረስ የመጣው ዲስክ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ሁለተኛው መድኃኒት ሦስተኛ ዲስክ ነው። የጋራ ፎልደራችሁ 200 ጊጋ ቢሆን አንድ ባለ 4 ቴራ ዲስክ የዓመት ወሮችን ሁሉ ሙሉ ሙሉ ቅጂ ይይዛል፣ ቦታም ይተርፈዋል። ወር በገባ ቁጥር አዲስ ፎልደር፣ ያለ `/MIR`፦

```
robocopy D:\Shared X:\EC2018-01-Meskerem /E /R:2 /W:5 /NP
```

ይህን የምትሠራው ወሩ በ30 ሲያልቅ፣ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሰካው ዲስክ ይነቀል፣ የወሩ ዲስክ በቦታው ይሰካ፤ ፊደሉም `X:` ይሁን። እንደ ፋይሉ ብዛት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ሲያልቅ የመጀመሪያው ዲስክ ይመለስ። ይህ መመለስ እንዳይረሳ! ከተረሳ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሌሊቱ ሥራ የወሩ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሌሎቹን ፎልደሮች አይነካም፣ ግን ቦታ ይሻማል፣ የሳምንቱም ዲስክ ያን ሌሊት ያመልጠዋል። የጳጉሜን ቀኖች ከነሐሴ ጋር ይቆጠሩ። የሰኔ 30ው ቅጂ ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ፈጽሞ አይጥፋ።

በየጠዋቱስ? ጠዋት ጠዋት ሎግ ታንብብ ብትያት በሁለተኛው ሳምንት ትተወዋለች። ሰው ነች። `Task Scheduler` ላይ `Last Run Result` የሚለውን ቁጥር ብቻ ትይ። ግን እዚህም ማስጠንቀቂያ አለው። ሌሎች ፕሮግራሞች ላይ `0x1` ማለት ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው፤ `robocopy` ላይ ግን ፋይል ተገልብጧል ማለት ነው፣ ደህና ነው። `0x3` ከሆነ ተገልብጧል፣ የጠፋም አለ። አብዛኛውን ጠዋት የምታየው ይህን ነው። `0x0` የተለወጠ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ እሑድ ውለው ሲያድሩ ይጠበቃል፣ በሥራ ቀን ግን ያጠራጥራል። ከ`0x8` ጀምሮ ያለው ሁሉ ያልተሳካ ነገር አለ ማለት ነው። `0x10` ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልጀመረም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ የለም ወይም ተቆልፏል።

ተቆልፏል ያልኩት ለድሬ ሰው አዲስ አይሆንም። ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ዩፒኤሱ ያለቺውን ደቂቃ ይሰጣል፣ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ይነሣል። የተቆለፈው ዲስክ ግን ራሱ እንዲከፈት ካልተደረገ ሰው መጥቶ ፓስወርዱን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ማግስት መጀመሪያ የሚታየው `X:` ተከፍቷል ወይ የሚለው ነው። ይህንን ጻፊላት።

አሁን ፒችትሪ። ሒሳብ ክፍላችሁ የሚጠቀምበት ከሆነና ዳታው ሰርቨሩ ላይ ከሆነ `robocopy` አይበቃውም። ሒሳብ ሹሟ ፕሮግራሙን ሳትዘጋ ከወጣች የዳታ ፋይሎቹ ተይዘዋል፤ ሎጉ ላይ `ERROR 32` ይላል፣ ያልፋቸዋል። ባያልፋቸውም ከመሐል የተገለበጠ ዳታ መልሶ ላይከፈት ይችላል። መፍትሔው የፒችትሪ የራሱ ባክአፕ ነው። ሁሉም ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላ ሒሳብ ሹሟ `File` ከዚያ `Back Up` ትላለች፤ መጨረሻው `.ptb` የሆነ አንድ ፋይል ይወጣል። እሱ `Finance` ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌሊት `robocopy` ይወስደዋል። ይህ የማን ሥራ እንደሆነ በስም ጻፊ፤ የሒሳብ ሹሟ እንጂ የተተኪሽ አይደለም። ሌላም ነገር አለው። ፒችትሪ በየሌሊቱ ክፍት ከተተወ ጠዋት ሁልጊዜ `0x9` ወይም `0xB` ይታያል። ልጅቷ ትለምደዋለች። የለመደች ዕለት እውነተኛውንም ስሕተት አታየውም።

ፋይል መመለስን በተመለከተ አጭር ነው፣ ግን በጥብቅ ይጻፍ። ዲስኩን ከፍታ፣ የጠፋውን ፎልደር ብቻ በእጇ ገልብጣ `D:\Restore` የሚባል ባዶ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጥ። ይህ ፎልደር ከ`Shared` ውጭ ይሁን። እዚያ ከፍታ ትይ፤ ስሙን ሳይሆን ውስጡን። ፒዲኤፉ ይነበባል? ኤክሴሉ ይከፈታል? የፋይሉ ባለቤት አይቶ ይህ ነው ሲል ወደ ቦታው ይመለስ። የ`Finance` ከሆነ ከመለሰችው በኋላ ማን ሊከፍተው እንደሚችል ትፈትሽ፤ ከላይ ያለው ትእዛዝ ፈቃዶችን አብሮ አይገለብጥም።

በፍጹም የማታደርገው ነገር ደግሞ ያንኑ የ`robocopy` ትእዛዝ ገልብጦ ከ`X:` ወደ `D:` ማስኬድ ነው። `/MIR` ሲገለበጥ ከባክአፑ በኋላ የተሠራውን ሁሉ ከሰርቨሩ ላይ ያጠፋል። አንዲት ፋይል ፍለጋ የሳምንት ሥራ ይሄዳል። ቫይረስ ከተጠረጠረም ሐረር ያለው ዲስክ እዚያ ሰርቨር ላይ አይሰካም፤ በንጹሕ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይከፈት።

ዲስኩ ለምን ሐረር እንደሚሄድም አንድ መስመር ጻፊ፤ አለበለዚያ አዲሷ ልጅ ወይም አለቃዋ ለ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ምን አደከመን ብለው ያስቀሩታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ያደረገውን ድሬ ያደገ ሰው አይረሳም። ከዚራ ያለውን ቢሮና መጋላ ያለውን መጋዘን በአንድ ሌሊት የሚያገኝ ነገር ሊመጣ ይችላል። ሐረር ያለውን ግን አያገኝም። ለመንገዱ ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ የመኪና መስታወት ሥር አይቀመጥ። ሰርቨሩ ዘንድም ቢሆን ዲስኩ ከዩፒኤሱ ጀርባ አይወሸቅ። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ የግንቦት ድሬ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል፣ አቦ።

ጽሑፉ ሲያልቅ አትሚው። ሰርቨሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ የሰርቨር መመሪያ ሰርቨሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አንዱ ቅጂ ከቁልፎቹ ጋር ካዝና ይግባ፣ ሌላው ሐረር ይሂድ።

የርክክቡን ሳምንት እንዲህ ብታደርጊው እመክራለሁ። ሰኞ ልጅቷ ጽሑፉን ይዛ ሎጉን ታንብብ፣ ዲስኩን ትቀይር፤ አንቺ አጠገቧ ሁኚ፣ ግን አትናገሪ። የተደናገረችበት ቦታ ጽሑፉ ያልተሟላበት ቦታ ነው፤ እዚያው አርሚው። ማክሰኞ አንድ ፋይል ምረጪና ከዲስኩ መልሺ በያት። ረቡዕ ማታ አካውንትሽ ይዘጋ። የመጨረሻ ቀንሽን አትጠብቂ። ሐሙስ ጠዋት `Last Run Result` ምን እንደሚል አብራችሁ እዩ። `0x1` ወይም `0x3` ካለ ባክአፑ ያላንቺ ሠርቷል። `0x80070533` ወይም `0x8007052E` ካለ ስምሽ አሁንም አንድ ቦታ ቀርቷል፤ ለማውጣትም ሁለት የሥራ ቀን አለሽ።

ዲስኮቹንም በንብረት ርክክብ ቅጹ ላይ በየመለያ ቁጥራቸው አስመዝግቢ፦ «ሀ» የት እንዳለ፣ «ለ» የት እንዳለ፣ የወሩ ዲስክ የት እንዳለ። ሐረር ላለው የሐረሩ ሰው ይፈርም፣ ላንቺም ቅጂ ይሰጥሽ።